ከቃሉ በኋላ የመጣ ምት

ኩማዞ በኦሳካ ድምፅ አልባ ፊልም ቤት ከበሮ መቺ ነበር። ሸራው ላይ ሰይፍ ሲመዘዝ እጁን መግታት አይሆንለትም ነበር። አንድ ቀን ከሸራው ጎን ቆሞ የሚተርከው ሹንሱይ በፊልሙ በሰይፍ ተመትቶ የሚሞተውን ሰው የመጨረሻ ቃል ሲናገር ኩማዞ ከበሮውን ደበደበው፤ ቃሉ ተዋጠ። "አልሰማንም!" ያለ ተመልካች የወረወረው ጠርሙስ የሹንሱይን ግንባር ተረተረው።

ሹንሱይ ከመጋረጃው ጀርባ ደሙን ሳይጠርግ ኩማዞን በቡጢ አፉን አለው። "አንተ ደንቆሮ! ሰውየውን ሰይፍ ገደለው፤ ታሪኩን ግን አንተ ገደልከው!"

ኩማዞ ጥርሱን ተፋ። "ታዲያ መቼ ልምታ፣ ጋሼ?"

"አፌን ስዘጋ!"

በሚቀጥለው ትርዒት ኩማዞ ሰይፉ ሰውየው ላይ ሲያርፍ አንዴ መትቶ እጁን ሰበሰበ። ሻሚሰን የተባለውን ባለ ሦስት አውታር የጃፓን ክራር የምትመታው ሴትም ዜማዋን ዝቅ አደረገች። "ለእናቴ እንዳትነግሯት" የሚለው የሟቹ ቃል እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ። ኩማዞ አንድ ትንፋሽ ጠበቀና ከበሮውን በስሱ ነካው። ያኔ አዳራሹ በለቅሶ ተሞላ።