እኅቴ ያፈረችበት የባንክ ደብተር

እኅቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ ትሠራለች። ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ውጭ አገር ተጋበዘች። ትኬቱንና ማደሪያውን ጋባዦቹ ችለዋል፤ ለቀረው ወጪዋ የራሷ ገንዘብ እንዳላት ግን በባንክ ስቴትመንት ማሳየት ነበረባት። ቪዛውን ካላገኘች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

አባታችን አንኮበር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ወሬውን እንደሰሙ ከዘመድ አሰባስበው ብሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። በእኅቴ ስም አዲስ ደብተር ካልወጣ አሉ።

"የደሞዝሽ ደብተር የተዝረከረከ ነው። ዛሬ መቶ፣ ነገ ሃምሳ! እንግዳ ፊት እንዲህ ሆኖ ይቀረባል?"

እውነት መሰለን፤ አዲስ ደብተር አወጣን፣ ብሩን በአንድ ጊዜ አስገባን።

የቪዛ ቀጠሮዋ ሁለት ቀን ሲቀረው ስቴትመንቱን ልንወስድ ሄድን። የባንኳ ሠራተኛ የአባቴን መስቀል ተሳልማ አትማ አመጣችልን። አንድ ገጽ፣ አንድ መስመር።

"ለቪዛ ነው?" አለች ፊቷ ተለውጦ። "የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ እኮ አያዩም። የስድስት ወሩን ገቢና ወጪ ነው የሚያገላብጡት። ይሄ ትናንት የገባ ነው፤ ተበድራ ነው ይላሉ።"

"ብድር አይደለም፣ ልጄ። የዘመድ ስጦታ ነው" አሉ አባቴ።

"ልክ ነው፣ አባ። ወረቀቱ ላይ ግን ዘመድ አይታይም።"

"አውጥተን ቀስ በቀስ ብናስገባውስ?" አልኩ።

"ስድስት ወር እዚሁ ትጠብቃለህ?" ብላ ሳቀችብኝና ወደ እኅቴ ዞረች። "ደሞዝሽ የሚገባው የት ነው?"

"እዚሁ ነው፤ ግን ተዪው፣ የሽንኩርትና የካርድ ዝርዝር ነው።"

"እሱን ነው የሚፈልጉት!"

ስምንት ገጽ ወጣ። በየወሩ ደሞዝ ገብቷል፣ በየቀኑ ጥቂት ወጥቷል፤ ግን ወር በመጣ ቁጥር የሚተርፈው ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። እኅቴ ይህን ሁሉ አስቀምጣ ኖሮ! የሦስት ሳምንት ምግብና ትራንስፖርቷን አስባ ነበርና ከወረቀቱ ጋር አስተያየችው፤ በቃት።

"ከመሥሪያ ቤትሽ የደሞዝ ደብዳቤ ጨምሪበት። ከዚህ ቁጥር ጋር ይግጠም" አለች ልጅቷ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ማኅተም እየመታች።

እኅቴ ለቪዛው የሚጠየቁትን ወረቀቶች ዝርዝር ዘረጋች፤ ማኅተምና ፊርማ በየገጹ ይላል። ፈራሚው ሥራ አስኪያጅ ምሳ ወጥተዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ አልን፤ አባቴ ዳዊት ይደግማሉ፣ እኔ በር በሩን አያለሁ። ሥራ አስኪያጁ መጥተው ሲፈርሙ፣ ልጅቷ ከሥር ከሥራቸው ማኅተሙን ስትመታ እኔ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።

"ስምንት!"

"አንተ፣ ዝም በል" አለችኝ እኅቴ፤ እሷም ግን እየሳቀች ነበር።

አባቴ ብሩን ለየዘመዱ መልሰው ገና እፎይ ሳይሉ እኅቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። "ተሰጠኝ፣ አባዬ!" አባቴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ በሌላ እጃቸው መቀመጫ ፈለጉ። ከባንኩ ቀን ጀምሮ፣ ያን አዲስ ደብተር ካዩባት ይጠረጥሯታል፣ ልጄን አስቀረኋት እያሉ እህል በቅጡ እንዳልበሉ የነገሩን ያኔ ነው። ከዚያ ምሳ አስቀረቡ።