ዙፋን ያሳረረችው ሩዝ

ዙፋን ምግብ አሳረረች ብሎ የሚነግረኝ ሰው ቢመጣ «ሂድ ወዲያ፣ አትቀባጥር!» ብዬ ነበር የማባርረው። ዙፋን እኮ ናት! ከደንቢያ ሰሊጥ ልታርም ወርዳ፣ ኮኪት በተባለው ቦታ አንድ እርሻ ላይ ወጥ ሠሪዋ ስትታመም ለአንድ ቀን ብላ ገብታ፣ በዚያው ማማሰያውን ሳትለቅ የቀረች ሴት። ለዚያ ሁሉ የቀን ሠራተኛ ስትቀቅል ዓመታት ኖራ ወገቧ ሲከዳት መተማ ዮሐንስ ገባችና ከእኔ ሻይ ቤት ጎን ምግብ ቤት ከፈተች። ኩራቷ አንድ ነው። «ያረረ ከእጄ አይወጣም» ትላለች፣ ሰው ጠየቃትም አልጠየቃትም። ምላሷ ይመረኛል፤ እጇን ግን አልክድም።

ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ድንበር ተሻግሮ የመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ሩዝም ይወዳል። የከባድ መኪና ሾፌሮቹም ጉምሩክ ሲቆሙ ሩዝ አለ ወይ ማለት ጀመሩ። ዙፋን ታዲያ ማን ይቅደማት? ከመንገዱ ማዶ ምንጣፍ ዘርግታ የቤት ዕቃ ከምትሸጠው ከሐሚዳ ዘንድ ሄዳ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ገዛች። ሐሚዳ ከዑምዱርማን ልጆቿን ይዛ የመጣች፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት። የተፈናቀሉ ሰዎች የሚያወጡትን ዕቃ ተቀብላ ትሸጥላቸዋለች፤ ሰው ከእሷ የሚገዛው ስለምትታመን ነው። «ወላሂ፣ ደህና ነው» ብላ ማለችላት።

ሥራው ገና ሲጀመር ተበላሸ። ዙፋን ማብሰያውን ሰካች፣ የፊቱን ማብሪያ ወደ ታች ተጫነች፣ ዘይትና ሽንኩርት ጨመረች። ቀጭ! ማብሪያው ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ከ«ማብሰል» ወደ «ማሞቅ» አለፈ። ተጫነችው። ቀጭ! እንደምንም እየታገለች ሽንኩርቱ ሲጠቋቁር የቲማቲም ድልሁን፣ ውሃውን፣ ሩዙን ጨመረች። ገና ውሃው ከላይ እየታየ፣ ቀጭ! ሩዙ ከጥርስ ሥር የሚንኮሻኮሽ ጥሬ ሆነ።

በማግስቱ መላ አገኘሁ አለችኝ። ከማገዶው ስንጥር ሰብራ ማብሪያው ላይ ወትፋ እንዳይነሳ አደረገችው። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ሽታው መጣ። ሮጬ ስገባ ከሥሩ ከሰል፣ ከላዩ ጭስ የጠጣ ሩዝ! አንዱ ሾፌር ቀምሶ ሳህኑን ገፋና «ዙፋን፣ ከሰሉን ለብቻ አቅርቢልን እንጂ» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። ፊቷ ሲለዋወጥ አይቼ «ተይ፣ ረጋ በይ» ብላት ማን ሊሰማኝ!

ማብሰያውን ታቅፋ መንገዱን ተሻገረች። ሐሚዳ ፊት ምንጣፉ ላይ ዘጭ አደረገችው። «የተበላሸ ዕቃ ሸጠሽልኝ! ሲያሻው አያበስል፣ ሲያሻው ያሳርራል! በፈጣሪ ስም ምለሽ ታታልያለሽ?» ድምጿ ጉምሩክ ድረስ ይሰማል። ሐሚዳ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ማዕሌሽ፣ እህቴ፣ ማዕሌሽ» አለች። ይቅርታ ማለቷ ነው። አንዲት ሴት ልትገዛው ያነሳችውን ማንቆርቆሪያ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችና ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው የሐሚዳን ምንጣፍ አይቶ ማለፍ ጀመረ። ከሻይ ቤቴ ሆኜ ይታየኛል፤ ያናድደኛልም።

ዙፋን ማብሰያውን ግን ሐሚዳ እጅ ላይ አልተወችውም፤ ማስረጃ ይሁነኝ ብላ መልሳ ወሰደችው። ቬንትሌተር የሚጠግነው አዛናው ዘንድ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ።

«መበላሸቱን ለሰው ሁሉ ንገርልኝ» አለችው።

አዛናው ድስቱን አወጣና የድስቱን ቂጥም ውስጡ ያለውን የብረት ምጣድም በጨርቅ ጠረገ። «ሩዝ ፍሬ እንኳ መሃል ከገባ ድስቱ ሳይቀመጥ ይቀርና ሥራው ይዛባል» አለ። ምንም የለም። መሃል ላይ ያለችውን በሽቦ ጥቅል ላይ የተቀመጠች ክብ ነገር በጣቱ ተጫናት፤ ወርዳ ተመለሰች። ከዚያ ትንሽ ንጹሕ ውሃ ብቻ ጨምሮ ማብሪያውን ተጫነ። ውሃው ፈላ፣ ተንተከተከ፤ ማብሪያው ንቅንቅ አላለም። ውሃው አልቆ ድስቱ ሲደርቅ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ቀጭ!

«እትዬ፣ ይኼ ጤነኛ ነው» አለ። «እዚች ውስጥ ማግኔት አለ፤ ማብሪያውን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ውሃ እስካለ ድረስ የድስቱ ቂጥ ከፈላ ውሃ ብዙ አይበልጥም። ሩዙ ውሃውን ሲጨርስ ቂጡ ይግላል፤ ማግኔቱ ሲግል ጉልበቱን ያጣና ይለቃል። ሩዝ መብሰሉን የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው። ለመሆኑ መጀመሪያ ምን ትጨምሪበታለሽ?»

እኔ ነኝ የመለስኩት፤ «ቁሌት ነዋ! ዙፋን ያለ ቁሌት ምን ታውቃለች?»

«በሉ እንግዲህ። ዘይት ከውሃ በላይ ይግላል፤ ስለዚህ ሩዙ ያለቀ መስሎት ይለቃል። ያረረው ሽንኩርትና ድልህ ደግሞ ቂጡ ላይ ሲጣበቅ ከላይ ውሃ ቢኖርም ከሥር ይግላል፤ ያኔም ሳይበስል ይለቃል። ቁሌቱን በሌላ መጥበሻ ሠርተሽ ሩዙ ከበሰለ በኋላ አፍስሽበት። ግን…» ብሎ የማብሪያውን ጠርዝ አየ። ስንጥሩ የፋቀው ነበር። «ይኼን ማን ወተፈው? እንዳይለቅ ከታሰረ እኮ ማሳረር ብቻ ነው የሚችለው።»

ዙፋን ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ማብሰያውን አንስታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በረንዳው ላይ ቁጭ አለችና «ምነው መሬት በዋጠችኝ! ድሃ አዋረድኩ፣ ስደተኛ አዋረድኩ። ልጆቿ ምን በልተው ይሆን በዚህ ሰሞን?» እያለች ጉልበቷን ትመታለች። አንጀቴን በላችው፤ ግን ትንሽ ቆይታ «አንች ሂጅና ንገሪልኝ፣ እኔ ዓይኗን ማየት አልችልም» ስትለኝ ደሜ ፈላ።

«ስትሰድቢያት ሰው ልከሽ ነበር? ተነሽ!»

ተነሳች። ማብሰያውን ታቅፋ፣ እኔ ከኋላ፣ ተሻገርን። ሐሚዳ ገና ከሩቅ ስታያት ደንግጣ ቆመች። ዙፋን አፏን ሳትከፍት ሐሚዳ ከምንጣፉ ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሌላ ሩዝ ማብሰያ ነው፤ ያረጀ፣ በደንብ የታጠበ።

«እህቴ፣ ይኼን ውሰጂ» አለች በዚያ በቀጭን ድምጿ። «የራሴ የቤት ዕቃ ነው፣ ከሀገሬ ይዤ የመጣሁት። ይኼ አያሳርርም፣ በየቀኑ ለልጆቼ እሠራበታለሁ። ያኛው መበላሸቱን ወላሂ አላወቅሁም።»

ዙፋን ምንጣፉ ዳር ተንበረከከች። «የለም… ደህና ነው ዕቃሽ… እኔ ነኝ» አለች። ያ ጉምሩክ የሚደርስ ድምፅ የት ሄደ? እኔ እንኳ ከኋላዋ ቆሜ በግድ ነው የሰማሁት። ሰዉ እያየ ያልፋል።

«ጮክ በይ!» አልኳት። «ያን ዕለት እንደጮህሽው!»

ዞር ብላ አየችኝ፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ከዚያ ቀና ብላ ወደ መንገዱ ጮኸች፤ «ስሙ! የሐሚዳ ዕቃ ደህና ነው! ዋሽቼባታለሁ! ሩዙን ያሳረርኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ዙፋን፣ በገዛ እጄ!»

መንገደኛው ቆመ። ሾፌሮቹም ከመኪናቸው አንገታቸውን አወጡ፤ በዚህኛው ግን ማንም አልሳቀም። ሐሚዳ ጎንበስ ብላ በአንድ እጇ ልታነሳት ትጎትታታለች፤ በሌላው የልጆቿን ማብሰያ እንዳቀፈች ነበር፣ አሁንም ልትሰጣት።