ሮቶው ሥር የተቀበረው ዘንግ

ቀኑ ሰኔ አምስት ነበር። ነበር እንዴ? አፍ ሞልቶ መማል ያስቸግራል። አምሳለ አምስት ነው የምትለው፣ ያን ዕለት ጠዋት ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከመካኒሳ አቦ ሲመለሱ በበሯ ማለፋቸውን ስለምታስታውስ ነው። አከራይዋ ጋሽ ዑስማን ደግሞ ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ አንዲት ሴት ግቢያቸው ውስጥ ተንበርክካ እንዳገኙ ይምላሉ፤ የዚያ ዓመት ሰኔ አምስት ግን ሐሙስ ነበር። እርግጡን የሚያውቀው የመብራቱ ማጥፊያ ብሬከሮች ሳጥን በር ነበር፤ ቀኑ በማርከር ተጽፎበት ነበር። እሱንም አምሳለ ራሷ አቧራ ስትወለውል አጠፋችው።

ተንበርክካ የተገኘችው ሴት ዚነት ናት፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ። ዕድሜዋ አርባ ቢሆን ነው። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ ባለ ብዙ ኪስ የወንድ ጃኬት ትለብሳለች። ቤቷ ለቡ መብራት ኃይል ስለሆነ፣ ሰፈሩ በእሷ ስም ተሰየመ ወይስ እሷ በሰፈሩ ስም ሙያ ያዘች እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ትቀልዳለች፤ ግን ስትቀልድ አትስቅም። ሰው ቀልድ መሆኑን የሚያውቀው እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

አምሳለ የጠራቻት በጥልፍ ማሽኗ ምክንያት ነው። በጋሽ ዑስማን ግቢ መንገድ ዳር ያለውን የፊት ክፍል ተከራይታ የሐበሻ ልብስ ትጠልፋለች፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም ላይ የትምህርት ቤት ዓርማ ትሠራለች። የዓመቱን ግማሽ የሚያኖራት ያ የክረምት ሥራ ነው። ባለፈው ሐምሌ አንድ መብረቅ ሰፈሩ አካባቢ ሲወርድ ማሽኑ «ጭር» ብሎ ጸጥ አለ። ማሽኑን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ተቃጥሎ ነበር። ምትኩ ከውጭ እስኪመጣ ጥቅምት ሆነ፤ ሁለቱ ሠራተኞቿ ሌላ ቤት ገቡ፤ ትምህርት ቤቶቹም ሌላ ጠላፊ አገኙ። ዘንድሮ ሁለት ትምህርት ቤቶች እያመነቱ ተመልሰውላታል። ካርዱ ዳግመኛ ቢቃጠል ሦስተኛ ዕድል እንደማይሰጧት ታውቃለች። ስለዚህ ሰርጅ ፕሮቴክተር የሚሉትን፣ ከጣት ትንሽ ወፈር ያለውን መከላከያ ገዝታ፣ በመሀረብ ጠቅልላ ዚነትን ጠበቀች።

ዚነት ዕቃውን ገልብጣ አየችውና ጥሩ ነው አለች። አምሳለ፣ ስታብላይዘርም ስላላት፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበልጥ እንደሚጠብቋት ተስፋ አደረገች። ዚነት ስታብላይዘሩ ለሌላ ነገር እንደሆነ ነገረቻት። ኃይሉ ሲያንስና ሲበዛ እያስተካከለ ይውላል፤ መብረቅ የሚያመጣው ግን ዓይን ሳይርገበገብ መጥቶ የሚሄድ ነው፤ እሱ እስኪነቃ እንግዳው ቤቱን ዘርፎ ወጥቷል። ይሄኛው ግን ከመስመሩ ጎን ተኝቶ ይጠብቃል። ኃይሉ ከልኩ ሲያልፍ ለቅጽበት በሩን ከፍቶ ትርፉን ወደ መሬት ያወርድና መልሶ ይዘጋል።

ቀጥላም ግቢው ውስጥ ካለው የብሬከሮች ሳጥን ሥር ተንበርክካ የመሬቱ ሽቦ የት ነው ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ዑስማን የደረሱት እዚህ ላይ ነው። ቤታቸው ኧርዝ አለው ወይ ተብሎ መጠየቁ ራሱ ቅር አሰኛቸው። ከሳጥኑ ሥር የሚወጣውን ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ በከዘራ አሳዩና ቤቱን ያሠሩት በቁም ነገር መሆኑን አስረዱ። እግረ መንገዳቸውንም ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ሴራሚክ መሆኑን፣ አንድ ስንጥቅ ቢገኝበት ስማቸውን እንደሚቀይሩ ተናገሩ። ይህን የሴራሚክ ወሬ ያልሰማ ተከራይ የለም። ዝናብ ሲዘንብ ጫማቸውን ግቢ በር ላይ አውልቀው የሚገቡ ተከራዮች አሉ።

ዚነት ዋናውን ብሬከር አጥፍታ፣ ኃይል አለመኖሩን ለክታ፣ ሽቦውን ተከትላ ሄደች። ሽቦው በግድግዳው ሥር ተሽሎክልኮ የውኃ ታንከሩ፣ ሮቶው፣ የተቀመጠበት የብረት ማማ እግር ዘንድ ደረሰ። እዚያ አንድ የውኃ ቧንቧ ላይ በክላምፕ ታስሯል። በማማው እግሮች መካከል ጋሽ ዑስማን ለጌጥ ያነጠፉት ሰው ሠራሽ ሣር አለ። ዚነት ቧንቧው ወዴት እንደሚወርድ ለማየት ያንን ሣር በሁለት ጣቷ አነሳችው።

ሥሩ ጭቃ ነው። ሴራሚክ የለም፤ ሊሾም የለም። ከሮቶው በሚንጠባጠበው ውኃ የራሰ ጥቁር አፈር ብቻ። ቧንቧውም አንድ ክንድ ያህል ብረት ሆኖ ይወርድና ከዚያ በኋላ ላስቲክ ነው። የውኃው መስመር ሲታደስ ብረቱን አውጥተው በላስቲክ ተክተውታል፤ የመብራቱን ሽቦ ያስታወሰ ግን አልነበረም። ዚነት ከቦርሳዋ መለኪያ አወጣች፤ ሁለት ችካሎቿን ከግቢ ውጭ መንገዱ ዳር ባለው አፈር ላይ ተከለችና ሽቦውን ለካች። ስምንት መቶ ኦም አሳየ። ጥሩ የሚባለው ከአሥር በታች ነው አለች።

«እንግዲህ ጋሼ፣» አለች፣ «መከላከያው በሩን ይከፍታል፣ መብረቁ ይወጣል፣ ከዚያ መንገድ የለም። ተመልሶ ወደ አምሳለ ማሽን ይገባል። ወደ እርስዎም ቴሌቪዥን።»

ጋሽ ዑስማን ግን ቴሌቪዥኑንም መብረቁንም አልሰሙም። ዓይናቸው ሣሩ ላይ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሣሩን መልሺው አሏት።

አዲስ የመዳብ ዘንግ መቀበር አለበት፤ ቦታውም ይሄ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው አለች ዚነት። ጋሽ ዑስማን ግቢያቸው አይቆፈርም አሉ። ሣሩም አይነሳም። አምሳለ ለመነች፤ የትምህርት ቤቶቹን ነገር ነገረቻቸው፤ እሳቸውም እያዘኑ አይሆንም አሉ። እውነት አዝነው ነበር። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ የከበዳቸው ሌላ ነገር ነው።

ዚነት ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ ፊቷ ምንም ሳይለወጥ፣ የጋሽ ዑስማን ባለቤት እትዬ ከድጃ ወዳሉበት የሳሎን መስኮት ተመለከተች።

«እሺ፣ ሌላ ቦታ ይፈለግ። እትዬ ከድጃ ይምጡና የቱ ሴራሚክ ቢነሳ እንደሚሻል ያሳዩን። እግረ መንገዳቸውንም ይሄ ሮቶው ሥር የጎደለው ስንት ካሬ እንደሆነ ይነግሩናል።»

«ቀስ በይ፣ ልጄ።»

«ምነው?»

«ጎረቤት አለ።»

«እኔ እኮ የጠራሁት የቤቱን ሰው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴራሚኩን ቆጥረው የገዙት ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ነበሩ፤ ለሮቶው ሥር ጭምር። ጋሽ ዑስማን ግን የተረፈ አስመስለው አራት ካርቶን ፉሪ ለምትኖረው እህታቸው መታጠቢያ ቤት ላኩ። እትዬ ከድጃና እህትየው ደግሞ ከአንድ ሠርግ ወዲህ አይነጋገሩም። ሣሩ የተነጠፈው በማግሥቱ ነው። ይህን ሁሉ ለዚነት የነገሯት ራሳቸው ናቸው፣ በሹክሹክታ፣ ማማውን ተደግፈው። አምሳለ እንዳትስቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ታዲያ ቢቆፈር፣» አለች ዚነት፣ «ለኧርዝ ተብሎ ሴራሚኩ ተነስቶ ነበር ይባላል። በሕግ የታዘዘ ያህል ነው። ማን ይጠይቃል?»

ጋሽ ዑስማን የሳሎኑን መስኮት አንዴ ዞረው አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና መዶሻው የት ነው አሉ።

ዘንጉን እየተፈራረቁ መቱት። አንዱ ሲገባ ሌላውን በላዩ ቀጠሉ። ዚነት ለካች፤ ዘጠኝ ኦም። ሽቦውን ከዘንጉ ጋር አጥብቃ አሰረች፤ መፈተሻ እንዲሆንም አፉ ላይ ትንሽ ክዳን ያለው ጉድጓድ ተወች። በሳጥኑ ውስጥ ደግሞ መከላከያውን ከራሱ ብሬከር ጋር ዋናው ማጥፊያ አጠገብ ሰካችው። አምሳለ ሽቦዎቹ ትንሽ ረዘም ብለው በሥርዓት እንዲጠቀለሉ ፈልጋ ነበር፤ እሷ ሁሉን ነገር እንደ ጥልፍ ነው የምታየው። ዚነት በፒንሳ ቆረጠቻቸው። እዚህ ቤት ውበት ማጠር ነው አለች፤ ከመስመሩ እስከ ሳጥኑ የኧርዝ ማሰሪያ ተደምሮ ከግማሽ ሜትር ካለፈ፣ ያን ጊዜ ሽቦው ራሱ ትርፉን ይዞ ያስቀራል። ኃይሉን ስትመልስ በመከላከያው ትንሽ መስኮት አረንጓዴ ታየ።

አምሳለ ደስ ብሏት አሁን ኧርዙ መሥራቱን አሳየ ማለት ነው ስትል፣ ዚነት አይደለም አለቻት። አረንጓዴው ዕቃው ጤነኛ መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው፤ በዚያ ባዶ ቧንቧ ላይ ቢታሰርም ይበራ ነበር። መብረቅ ቤቱን በቀጥታ ከመታም አትተማመኚበት፤ ደመናው አናትሽ ላይ ሲያጉረመርም ማሽኑን ከሶኬት ንቀይ ብላ አስጠነቀቀቻት።

እትዬ ከድጃ ያን ዕለት ማታ ሻይ ይዘውላቸው ወጡ። አዲሱን ክዳን አዩ፤ ጭቃውን አዩ፤ የባላቸውን ቆሻሻ እጅጌ አዩ። ሻዩን ሲቀዱ፣ እህትየው እንዲናደዱ ብላ የመታጠቢያ ቤቷን ፎቶ አምና እንደላከችላቸው ተናገሩ። ባላቸው መች እንደሚነግሯቸው ሲጠብቁ ነው ዓመት የሞላው። ጋሽ ዑስማን ሻዩን ሳያቀዘቅዙ ጠጡት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማስጠንቀቂያ የሌለው አንድ መብረቅ ወረደ። አምሳለ ሦስት መቶኛውን ዓርማ እየጠለፈች ነበር፤ ለመንቀል አልደረሰችም። ነጎድጓዱ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፤ መብራት ሄደ። በደበዘዘው ክፍል ውስጥ እጇን ማሽኑ ላይ ጭና ቆመች። ከጎረቤት የሴት ጩኸት ተሰማ፤ ፍሪጅ፣ ዋይፋይ፣ ቴሌቪዥን እያለች ስትቆጥር። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራት ሲመጣ፣ ስታብላይዘሩን አበራች፤ ማሽኑን አበራች። ስክሪኑ በራ። መርፌው ያቆመበትን ፊደል ግማሽ አስታውሶ ቀጠለ። አምሳለ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ትንሽ ብቻ፣ ጨርቁ እንዳይረጥብ ፊቷን አዙራ።

ሳጥኑን ስትከፍት የመከላከያው መስኮት ቀይ ሆኗል። ለዚነት ደወለች።

ዚነት በማግሥቱ በባጃጅ መጣች፤ ሰፈሩ ሁሉ እየጠራት ነበር። ጋሽ ዑስማን ግቢ በር ላይ ቆመው ለጎረቤቶች ዘንጉን በገዛ እጃቸው እንደቀበሩት እያስረዱ ነው፤ እሷም ስታልፍ መሐንዲሳችን እንዴት አደሩ አለቻቸው። ዋናውን አጠፋች፤ የመከላከያውን የሞተ ተነቃይ ክፍል፣ ካርትሪጁን፣ ስባ አወጣች፤ አዲሱን ቀጭ አድርጋ ከተተችው። ቀይ ከሆነ በኋላ የሚመጣውን አይከለክልም፤ አንድ ቀን እንኳ አታሳድሪው አለቻት። ቀጥላ ክዳኑን ከፍታ ዘንጉን ለካች፤ ስምንት ሆኗል፤ ክረምቱ አርሶታል።

ከዚያ የሞተውን ካርትሪጅ አንስታ በማርከር «አምሳለ፣ መካኒሳ» ብላ ጻፈችበትና ቦርሳዋ ጎን ወዳለ ኪስ ጣለችው። ኪሱ ውስጥ ሌሎች የሞቱ ካርትሪጆች ነበሩ፤ ሲንኳኩ ተሰማ። በተከፈተው አፍ በኩል አምሳለ ስሞች አየች፤ አንዳንዶቹ ቀለማቸው የደበዘዘ። የአንዱ ጽሑፍ የሌላ ሰው እጅ ነው፤ ፊደሉ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ የወንድ እጅ የሚመስል።

አምሳለ ዚነት የለበሰችውን የወንድ ጃኬት አየችና የማን እጅ እንደሆነ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። የዚነት ስልክ ግን ጮኸ፤ ከለቡ ነው፤ መብረቁ ዕቃ ያቃጠለበት ክሊኒክ ነው። ዚነት ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ አሁኑኑ ደረስኩ እያለች፣ ቦርሳዋን አንግታ በሴራሚኩ ላይ በጭቃ ጫማዋ አልፋ ወጣች፤ ባጃጁም ሞተሩን አላጠፋም ነበር።