የጠበበው አልጋ

አናጢው ጋሮማ አምቦ ላይ የአልጋ ዋጋ የሚናገረው አንዴ ብቻ ነው። ተቆርጦ የሚጣለውን እንጨት፣ ቫርኒሹ የሚደርቅበትን ጊዜና የመኪናውን ኪራይ አስቦ ስለሚጨርስ ክርክር አይወድም። ሥራ ከተጀመረ በኋላ ዲዛይን ያስቀየረ ደግሞ ዘመድም ቢሆን ይጨምራል።

ከሸነን ከተማ የመጣችው ሶረቲ ከባሏ ጋር ሆና ሰፊ የዋንዛ አልጋ አዝዛ ነበር። አልቆ ጭነት ሲጠብቅ፣ ጥቁር ለብሳ ብቻዋን መጣች።

«ለአንድ ሰው ያጥብቡልኝ፣ ኦቦ ጋሮማ።»

«ነፍስ ይማር» አለና ሥራውን በልቡ አሰላ። ራስጌና ግርጌው ተቆርጦ እንደገና ሊገጠም፣ ሊላግ፣ ቫርኒሹም እንደ አዲስ ሊቀባ ነው። ጠባቡ አልጋ ከሰፊው ሊወደድ! ይሄ ለሐዘንተኛ እንዴት ይነገራል?

«በድሮው ዋጋ ይሁንልሽ።»

«አይሆንም፤ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። የሚጣለውንም ያስቡ።»

አንገቱን ደፍቶ አሰበው።

አልጋው ጠቦ አልቆ መኪና ላይ ሲወጣ ሶረቲ ትርፍራፊ ወደተከመረበት ጥግ ሄዳ ከራስጌው የተቆረጠውን እንጨት ታቅፋ ተመለሰች።

«ቁርጥራጭ እኮ ነው፣ ምን ያደርግልሻል?» አላት።

«የእሱ ቦታ ነው» አለችው።