አሰግድና የጠፋችው ጳጉሜ

አሰግድ ጃንጥላ ገዝቶ አያውቅም። የአሰላ ክረምት ሰውን ሁሉ ከየታዛው ስር ሲያጉር እሱ ሹራቡ እየተንጠባጠበ ቢሮ ይገባል። «ምነው አሰግድ?» ስንለው፣ «እኔኮ በሩፋኤል ዝናብ የተወለድኩ ነኝ» ይለናል። ይህን ያልሰማ ሰው የገበሬዎች ወተት ዩኒየናችን ውስጥ የለም።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ የመጣው በዝውውር ነው፣ የቀረው ወዶ ነው። ሥራው መረጃ ማደራጀት ቢሆንም ዋናው ሥራው እኛን ማረም ነው። ፊት ለፊቱ ስለምቀመጥ የመጀመሪያዋ ታራሚ እኔ ነኝ። ሴፕቴምበርን «መስከረም» ያልኩ ቀን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አስተምሮኛል። የሴፕቴምበር መጀመሪያ ገና የኛ ነሐሴ ነው፤ መስከረም አንድ የሚውለው ሴፕቴምበር አሥራ አንድ፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለት ነው። «ስም መተርጎም ሌላ፣ ቀን መቀየር ሌላ!» አለኝ፣ ጣቱን ቀስሮ።

የወተቱን ሂሳብ በኮምፒውተር የሚያሳየውን ዳሽቦርድ የሠራውም እሱ ነው። ከበቆጂ፣ ከኢተያና ከሌሎቹም ጣቢያዎች ወተት ተቀባዮች በስልካቸው ይመዘግባሉ። ስልኩ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ያስቀምጣል፤ ዳሽቦርዱ መዝገቡን ስቦ እያንዳንዱን ቀን ወደ ኛ ይቀይርና በየወሩ ይደምራል። በጣም ኮርቶበት ነበር። እኛም ኮርተንለት ነበር፣ ባንነግረውም።

ጊዜያዊ ሠራተኛችን ፈናን ወደ በቆጂ የተላከችው ለጳጉሜ ብቻ ነበር። የጣቢያው ተቀባይ ፈቃድ ወጥቶ፣ «እሱን ተክተሽ ሥሪ፤ ደህና ከሠራሽ አዲስ ዓመት ላይ ቋሚ ትሆኛለሽ» ተባለች። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ስለሆንኩ ለጭቃው የጎማ ቦቲ አውጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ስትመልሰው የበቆጂ ጭቃ አፉ ድረስ ነበር።

አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ አባይነሽ ሰበሰቡንና ዳሽቦርዱን ግድግዳው ላይ አበሩት። በየሠራተኛው የሚያሳየው ገጽ ላይ፣ ፈናን ከሚለው ስም ፊት፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ባዶ ነበር።

«ልጅቷ አንድ ሊትር አልተቀበለችም ማለት ነው?» አሉ።

ፈናን ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ብድግ አለች። «ማሎ፣ በናትዎ እትዬ አባይነሽ፣ በየቀኑ ነው የተቀበልኩት! መኪናው ራሱ መጥቶ ጭኗል!»

«ታዲያ የት አለ? ሲስተሙ ምን ያደርግሻል?»

አሰግድ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሲስተሙ አይሳሳትም፤ ምናልባት መዝግበሽ አልላክሽው ይሆናል።» በጣም ተናደድኩ። ያን ጭቃ የጠረግኩት እኔ ነኝ።

«ቦቲዋንም ሲስተምህ ነው ያጨቀየው?» አልኩት።

ቤቱ ሳቀ፤ ፈናን ግን አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ያን ሲያይ አሰግድም ደነገጠ። አይሳሳትም ያለውን ሲስተም መፈተሽ ጀመረ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የዓመቱ ድምር የየወሩ ዓምዶች ተደምረው ከሚሰጡት ይበልጣል። ጥሬውን መዝገብ ከፈተ። የፈናን ወተት አንድም ሳይቀር እዚያው ነበር፤ ሴፕቴምበር ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት እያለ። ቀኑም በትክክል ተቀይሯል፤ ወሩ አሥራ ሦስት ይላል። ዓምዶቹን የሚስለው የወር ስም ዝርዝር ግን አሥራ ሁለት ስም ብቻ ነበረው። አሥራ ሦስተኛ የሚባል ስም ሲያጣ፣ ሳይጮህ ሳያስጠነቅቅ፣ ወተቱን ዝም ብሎ ይጥለዋል።

«ጳጉሜን ረሳሃት?» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ።

«ደመወዝ የለባትማ!» አልኩ እኔ። አሁን ሁሉም ከልቡ ሳቀ። አሰግድም እንደኛ በወር ደመወዝ የኖረ ሰው ነው፤ ደመወዝ በዓመት አሥራ ሁለቴ ነው፣ ወርም በእሱ ሂሳብ አሥራ ሁለት ነው።

አሰግድ እዚያው ተቀምጦ አሥራ ሦስተኛውን ዓምድ ጨመረ። አጭር ወር ስለሆነች ከሌሎቹ ጋር ስትነጻጸር እንዳታንስ የቀን አማካይም አሳየ። የበቆጂ የቀን አማካይ ከነሐሴው በልጦ ተገኘ። ወይዘሮ አባይነሽ አዩትና፣ «በይ ፈናን፣ ነገ ለቅጥሩ ነይ» አሏት። እኔ እልል ማለት ቃጣኝ።

ስንወጣ ዝናቡ ጀምሯል። አሰግድ ጃንጥላ የለውም። ፈናን ቆማ የራሷን ዘረጋችለት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ወተትሽን ሙሉ ደፍቼብሽ ነበር» አላት፤ ከዚያ አመሉ አልለቅ ብሎት፣ «ጃንጥላውን ግን ያዢው፣ እኔ በሩፋኤል ዝናብ የተወለድኩ ነኝ» አለ።

ፈናን የጴንጤ ቤት ልጅ ናት፤ የሩፋኤልን ቀን አታውቅም። በየዋህነት ጠየቀችው።

«መቼ ነው እሱ ጋሼ?»

«ጳጉሜ ሦ...» አለና አሰግድ አፉን ያዘ።

እኔም ይህን ሁሉ ዓመት ያን ዝናብ ስሰማ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። ፈናን ግን ቶሎ ገባት።

«እንዴ ጋሼ፣ እርስዎም ዳሽቦርዱ ላይ አልነበሩማ!» አለችና ከጃንጥላዋ ስር አስገባችው። እሱም ያለወትሮው እሺ ብሎ ገባ።