ከጎን የተነሣ ፎቶ

አብዱረዛቅ በር ሲሠራ አይፈራም። ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው የብየዳ ቤቱ ዕድሜውን በርና መስኮት ሲበይድ ኖሯል። በር ቢጣመም ይቃናል፤ መስኮት ቢጠብ ይሰፋል፤ ሰው አይሞትበትም። ዘንድሮ ግን የእህል መውቂያ ማሽን እያስመጣ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፉ የወፍ እንቅልፍ ሆነ።

ማሽኑ አዲስ አበባ ካለ አስመጪ በጭነት መኪና ይመጣል። ሞተሩ አለ፤ ባለጥርሱ ከበሮ አለ፤ ገለባ መትፊያውም አለ። ማጉረሻው ግን የለም። ማጉረሻ ማለት ነዶው የሚጋደምበትና ወደ ጥርሱ እየተገፋ የሚገባበት የላሜራ አፍ ነው። መኪና ላይ ቦታ ስለሚፈጅ አስመጪው ይተወዋል። "እዚያው ላሜራ ቆርጣችሁ ሥሩት፤ ፎቶውን እንልክላችኋለን" ይላሉ።

ማጉረሻው የተገጠመለትን የናሙና ማሽን ፎቶ ልከው ነበር። ቀይ ማሽን እንደ መታወቂያ ፎቶ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ያያል። የአፉ ስፋትና ከፍታ ጥርት ብሎ ይታያል። ከአፉ እስከ ጥርሱ ያለው ርዝመት ግን አይታይም። ሰውን ፊት ለፊት ብቻ ስታየው አፍንጫው ምን ያህል እንደወጣ በምን ታውቃለህ? አብዱረዛቅ ርዝመቱን ገምቶ ቆረጠ። አንዱን ማሽኑ ላይ ገጠመው፤ ሁለተኛውን ለሚቀጥለው ገዢ ብሎ በዚያው ልክ ሠርቶ ግድግዳ አስደገፈው። ከዚያ በኋላ ነው ልቡ መቆርቆር የጀመረው።

የጎን ፎቶ ሊጠይቅ ስልክ ደወለ። አስመጪው ዘንድ ሽያጭ ላይ የምትሠራው አይናለም ትሕትና ያላት ልጅ ናት። "አቶ አብዱረዛቅ፣ መጋዘን ያሉት በቃል አይቀበሉኝም" አለችው። "በኢሜይል ይጻፉልኝና እሱን ይዤ አስነሣልዎታለሁ።"

ኢሜይል የሚባለው ነገር የሚያርፈው ሚስቱ ሀጀራ ስልክ ላይ ነው። ሀጀራ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች፤ መጻፍ አይከብዳትም። እሱ ቆሞ ይላል፣ እሷ ተቀምጣ ትጽፋለች።

"ለተከበራችሁ ድርጅት፣ ሰላማችሁ ይብዛ፣ ምናልባት ካላስቸገርናችሁ፣ ጊዜ ካላችሁ፣ ባይመቻችሁም ግድ የለም..."

"ቆይ" አለች ሀጀራ። "ለቅሶ ልትደርስ ነው ወይስ ፎቶ ልትጠይቅ?"

"ሰው እንዳላስቀይም ብዬ ነው።"

"አንተ ሰው አታስቀይምም። ችግርህም እሱ ነው። የምትፈልገውን ንገረኝ።"

የሚፈልገውን ሲናገር ግን አፉ ተፈታ። ሀጀራ ያለውን እንዳለ ጻፈችው፦

"እህት አይናለም፣ የላካችሁልን ፎቶ ከፊት ለፊት ብቻ የተነሣ ስለሆነ የማጉረሻው ርዝመትና የላይ ክዳኑ አይታይም። እባካችሁ አንድ ከቀኝ ጎን፣ አንድ ከግራ ጎን፣ አንድ ደግሞ በቀጥታ ከላይ አንሡልን። ከጎን ስታነሡ ስልኩን በማጉረሻው ትክክል ያዙት፤ ሰያፍ ሆኖ ከተነሣ ያሳጥረዋል። ሜትር ዘርግታችሁ አብራችሁ አንሡ። ሜትር ካጣችሁ ሰው ክንዱን ከውጭ በኩል አስጠግቶ ይቁም። ይህን አይተን ነው የምንሠራው። አብዱረዛቅ፣ ከደብረ ማርቆስ።"

መልሱ ሳይመጣ ሙላት መጣ። ሙላት የአምበር ገበሬ ነው፤ ዕድሜው የገፋ፣ ቀልደኛ፣ ግን ሲቸኩል የማይያዝ ሰው። ማሽኑን ከወንድሙ ከምናለ ጋር ሆነው ገዝተውታል። ያን ሰሞን ያለወቅቱ ደመና ያንዣብብ ነበር።

"ጋሼ ሙላት፣ ትንሽ ቢታገሡኝ" አለ አብዱረዛቅ። "ማጉረሻው ልክ መሆኑን የማይበት ፎቶ እየጠበቅሁ ነው።"

"ፎቶ?" ሙላት ዙሪያውን አየ። "ማሽኑን ልትድረው ነው? እኔ ክምሬን ፈትቻለሁ። ሰማዩን አታየውም?"

"አያለሁ። ግን ነገ ቢሆን..."

"ነገ ዝናቡ ቢመጣ ፎቶውን እበላለሁ? ይልቅ ጫንልኝ የኔ ወንድም።"

አብዱረዛቅ እንቢ ማለት አይችልበትም። እንቢ የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ሁልጊዜ እዚያው ይቀራል። ጫነለት። መኪናው ሲወጣ የማሽኑን አፍ ከኋላ እስኪሰወር ድረስ አየው።

ፎቶዎቹ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሱ። ሀጀራ ከሱቋ ስልኩን ይዛ መጣች። አይናለም የተባለችውን ሁሉ አድርጋለች። አንድ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ የመጋዘን ሠራተኛ ከማሽኑ ጎን ቆሟል፤ ክንዱን እስከ ትከሻው ዘርግቶ ከማጉረሻው ውጭ አስጠግቶታል። የጣቶቹ ጫፍ ከማጉረሻው መካከል ትንሽ አለፍ ብሎ አብቅቷል። ከዚያ ወዲያ ጥርሱ ዘንድ እስኪደረስ ገና ሌላ ላሜራ አለ። ከላይ የተነሣው ደግሞ ክዳኑ ከጥርሱ ጀምሮ ወደ ውጭ ብዙ ርቀት መሸፈኑን ያሳያል። እጅ እንዳይደርስ ታስቦ የተሠራ ነው።

አብዱረዛቅ ስልኩን ለሀጀራ መለሰና ግድግዳው ላይ ወደተደገፈው ሁለተኛ ማጉረሻ ሄደ። እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱን አስገባ። ክርኑ የማጉረሻው አፍ ላይ ሲደርስ ጣቶቹ በዚያኛው ጫፍ ብቅ አሉ።

ሀጀራ የወጡትን ጣቶች አየቻቸው።

"እጅ ይገባል" አለ አብዱረዛቅ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። "ጥርሱ ድረስ ይገባል።"

ሙላት ዘንድ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ምናለ ዘንድ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ማሽን እየጮኸ ማን ስልክ ይሰማል?

"ሂድ" አለችው ሀጀራ። "ጫማህን ቀይር አልልህም። ሂድ ብቻ።"

የብሎን መፍቻውን ኪሱ ከትቶ ሚኒባስ ተሳፈረ። መንገዱን ያውቀዋል፤ ያን ቀን ግን አላየውም። ያየው እጅ ብቻ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያውለበልበው እጅ። ከፊቱ የተቀመጠች እናት የልጇን አፍንጫ የምትጠርግበት እጅ። ሹፌሩ ማርሽ ላይ የጣለው እጅ። ሁሉም ሙሉ ናቸው። ያ ከበሮ ሲዞር ጥርሱ አይለይም፤ ነዶውን ይስባል፣ ነዶውን የያዘውንም ይስባል። ነዶ የሚያጎርሰው ምናለ ነው። ምናለ ጠንካራ ነው፤ ጠንካራ ሰው ደግሞ ገፍቶ ነው የሚያስገባ። አብዱረዛቅ በልቡ ዱዓ እያደረገ ስልኩን ደግሞ ደጋግሞ ይደውላል። ስልኩ ይጠራል። አለመነሣቱ ያስፈራዋል፤ ቢነሣና ለቅሶ ቢሰማ ደግሞ የባሰ ያስፈራዋል።

አምበር ወርዶ በእግሩ ቁልቁል ሲሮጥ የሞተሩን ድምፅ ሰማ። ደስ አለው። እየሠራ ከሆነ ደህና ናቸው ማለት ነው። ወዲያው ደግሞ እየሠራ ከሆነ ገና ነው ማለት ነው ብሎ አሰበና ሩጫውን ጨመረ።

አውድማው ላይ ወንፈል የመጡ ጎረቤቶች ነዶ ያቀብላሉ፤ ሙላት ጆንያ ይዟል፤ ምናለ ማጉረሻው ላይ አጎንብሷል። ሌሊት ጤዛ የጠጣ ነዶ አስቸግሮት በቀኝ እጁ እየወጋ ይገፋዋል። ክርኑ ሊገባ ጥቂት ነው የቀረው።

አውድማ ላይ የመጣ እንግዳ ቆሞ "በረከት ይግባ" ይላል። "አቁሙ" ወይም "በቃ" የሚል ሰው በዚያ አገር አይወደድም፤ እህሉ ሰምቶ ይሸሻል ይባላል። አብዱረዛቅ ይህን ያውቃል። ሰላምታም አልሰጠም፣ በረከትም አልመረቀም። ምናለን ቢጠራው ዞር ሲል እጁን ይስታል ብሎ ፈራ። በሰዎቹ መካከል ሾልኮ ሞተሩ ዘንድ ደረሰና ማጥፊያውን ሳበው።

ሞተሩ ተንፈራፍሮ ጠፋ። ከበሮው ግን ወዲያው አይቆምም፤ በራሱ ክብደት ገና ይዞራል።

"እጅህን አውጣ" አለ አብዱረዛቅ። ሲፈራ የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው። "ምናለ፣ እጅህን አውጣ።"

ምናለ ግራ ገብቶት እጁን አወጣ። አምስቱም ጣቶች አሉ። አብዱረዛቅ ገለባው ላይ ቁጭ አለ።

ሙላት ጆንያውን ጣለ። "ምን ሆነሃል አንተ? አውድማዬ መጥተህ ታጠፋብኛለህ? ጠላት ነው የላከህ?"

"እኔ ነኝ ያጠፋሁ፣ ጋሼ ሙላት። አሳጥሬ ሠራሁት።"

"ምኑን?"

ከበሮው ጨርሶ እስኪቆም ጠበቀና ተነሣ። የምናለን ክንድ ይዞ በማጉረሻው ውስጥ አጋደመው። "ዘርጋው" አለው። ምናለ ዘረጋ። ከውስጥ ጥፍሩ የከበሮውን ጥርስ ነክቶ ቃ አለ። ምናለ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። እጁን ቀስ አድርጎ አወጣና በሌላው እጁ ያዘው።

"ጠዋት ጓንቴን ወስዶብኝ ነበር" አለ። "ወንድም ጋሼ፣ ነግሬህ አልነበር?"

"ጓንት ሰፊ ስለሆነ ነው ብዬሃለሁ" አለ ሙላት። ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

ከጎረቤቶቹ አንዱ ሰማዩን አየ። ነፋሱ ቀዝቅዟል። "የቀረችው ትንሽ ናት" አለ። "ተጠንቅቆ ቢጨርሳትስ? በዱላ እየገፋ።"

"እንደሱ ይሻላል" አለ ሙላት። "ዱላ አምጡ። አብዱረዛቅ፣ አመሰግናለሁ፤ አሁን አስነሣልን።"

አብዱረዛቅ እንደገና ያ ቃል ጉሮሮው ላይ ሲመጣ ተሰማው። ዱላው ከተያዘ እጁን ይዞት ይገባል። ይህን ለማስረዳት ቃል ፈለገ፣ አጣ። መፍቻውን አውጥቶ የሞተሩን ብሎኖች አላላ፤ ሞተሩን ከከበሮው የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ከመዘውሩ ላይ አወለቀና አንገቱ ላይ አጠለቀው። ያለ ቺንጋ ያ ማሽን የብረት ክምር ነው።

"እንቢ" አለ።

ሙላት አንድ እርምጃ ቀረበው። "ዝናብ ቢመታው ስንዴዬ ይበቅላል። ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ልጆቼ ናቸው የሚራቡት።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ ሙላት። ነገ አዲሱን ይዤ እመጣለሁ። ዛሬ ግን አልሰጥም።"

ሙላት ሊይዘው ሲል ምናለ መሀል ገባ። "ተወው" አለ ወንድሙን። "እጁ የኔ ነው።"

አመሻሽ ላይ ዘነበ። ሙላትና ጎረቤቶቹ የተፈታውን ነዶ በላስቲክ ሸፈኑ፤ ዳር ዳሩ ግን ረጠበ። አብዱረዛቅ ቺንጋውን እንዳንጠለጠለ ከተማ ገብቶ ሀጀራ ስልኩን ከፊቱ እየያዘችለት ላሜራ ቆረጠ። በማግስቱ አዲሱን ማጉረሻ ወስዶ ገጠመ። ሙላት ሰላምታውን በአገጩ መለሰለት፤ ሌላ ቃል አልሰጠውም። የረጠበው ነዶ ለከብት ተለየ። ምናለ ሞተሩ ሳይነሣ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ዘረጋው። ምንም አልነካም። ሁለቴ ሞከረው። ከዚያ ነው ነዶ ያነሣው።

አብዱረዛቅ አጠገቡ ቆሞ ሲያይ ሌላ ነገር መጣበት። ያ ፊት ለፊት የተነሣ ፎቶ ለእሱ ብቻ የተላከ አይደለም። በየከተማው እንደ እሱ ላሜራ የሚቆርጥ፣ እንደ እሱ መጠየቅ የሚያፍር ሰው አለ።

ከድምፁ ርቆ አይናለም ዘንድ ደወለ።

"ፎቶው አልደረሰዎትም?" አለችው።

"ደርሶኛል። እህቴ፣ የፊት ለፊቱን ፎቶ ለስንት ሰው ልካችኋል?"

"ማሽን ለወሰደ ሁሉ ነዋ። ምነው?"

ነገራት። ጥርሱ የምናለን ጓንት እንደወሰደውም ጨምሮ።

"በኢሜይል ልጻፍልሽ?" አለ አብዱረዛቅ።

"አይጻፉ" አለች። "ኢሜይል የሚያይ ማን አለ፣ ሁሉም አውድማ ላይ ነው። ልደውልላቸው።" ወረቀት ሲገለጥ ተሰማው። "ደምበጫ ማሽን የወሰደ አንድ አለ። ከእሱ እጀምራለሁ። አይዝጉት፣ በሌላው ስልክ ነው የምደውለው።"

አልዘጋውም። ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ አዲስ አበባ ሆና የምትደውለውን ስልክ ሰማ። ይጠራል። አሁንም ይጠራል። አይነሣም።