ከገጼ የተሰረዙት ሦስት ቋንቋዎች

ተመርቄ ጋምቤላ ስመለስ በእጄ የነበረው አንድ ዲግሪና መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነበር። እናቴ ባሮ ዳር ዓሣ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። ከተመረቅሁ በኋላም ቤቷ ተቀምጬ የእሷኑ ዓሣ መብላት እያሳፈረኝ ነበር።

ኑዌርኛ ተናጋሪ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በሚኖሩበት ጀዊ ካምፕ የሚሠራ አንድ የእርዳታ ድርጅት የጤና ትምህርት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፤ ሰው የሥራ ልምዱን የሚያስተዋውቅበትን የኢንተርኔት ገጽ ሊንክም ይጠይቃል። ገጽ አልነበረኝምና ከፈትኩ። ስለ ራስህ አጭር ማጠቃለያ ጻፍ ሲለኝ ተቀጥሬ ስለማላውቅ ያለኝን ጻፍኩ፦ አኝዋክኛ፣ ኑዌርኛና አማርኛ እንደምናገር፣ እሁድ እሁድ ካምፑ ውስጥ ባለው ቤተ ክርስቲያን ስብከት እንደማስተረጉም፣ የመመረቂያ ጥናቴም በውሃ ንጽህና ላይ እንደሆነ።

የአጎቴ ልጅ አለ፤ ቢሮ የሚሠራ፣ በቤተሰባችን ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው። አነበበውና ሳቀ።

«ምንድነው ይሄ ወንድሜ? እዚህ ከተማ ሦስት ቋንቋ የማያወራ ማን አለ? ገበያ ያሉ ሴቶችም ያወራሉ እኮ! ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?»

ሁሉንም አጠፋና ከራሱ ገጽ ቀድቶ ለጠፈልኝ፦ ለውጤት የሚተጋ፣ በቡድን መሥራት የሚወድ፣ የሥራ ጫና የሚቋቋም ባለሙያ። ታላቄ ነው፤ «አመሰግናለሁ» አልኩት።

ለፈተና እንኳ አልጠሩኝም።

አንድ እሁድ ካምፑ ውስጥ ስብከት አስተርጉሜ ስጨርስ የድርጅቱን ሰደርያ የለበሰ ወጣት መጣ። ሥራውን ያገኘው እሱ ነበር፤ ከመሀል አገር ነው የመጣው። ኑዌርኛ ስለማይችል የሚያግዘው ሰው ይፈልጋል። ፓስተሩ እኔን አሳዩት። ስለ ተቅማጥና ስለ እጅ መታጠብ እሱ በአማርኛ ሲናገር እኔ ወደ ኑዌርኛ ስመልስ ዋልኩ። ሴቶቹ የሚጠይቁት እኔን ነበር።

«አንተ እዚህ ለምን አልተቀጠርክም?» አለኝ ሲጨርስ።

«አመልክቼ ነበር።»

ገጼን በስልኩ ፈልጎ አገኘና ከራሱ ገጽ ጋር አገናኘው፤ ማጠቃለያውንም አነበበ። «ኑዌርኛ መቻልህ የት ተጽፏል? እኔ ራሴ የጻፍኩት ይሄንኑ ነው፤ ግን ሌላ ቦታ በበጎ ፈቃድ የሠራሁትን አስቀድሜዋለሁ። እነሱ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አያልፉም።»

ተናደድኩ። በእሱ አልነበረም፤ የአፌን ሀብት እንደ ቆሻሻ ጠርጎ በጣለው ዘመዴ ነው። ቤት እንደገባሁ የድሮውን ጽሑፌን መለስኩት። ማስታወቂያው ግን ተዘግቶ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ከገጹ የመጣ መልእክት ስልኬን አስጮኸው። ወጣቱ የራሱን ማጠቃለያ አድሷል። የመጀመሪያው መስመር «ለኑዌርኛ ተናጋሪ ስደተኞች በራሳቸው ቋንቋ የጤና ትምህርት የሚሰጥ» ይላል። ከሥሩ ገጹ አንድ ቁልፍ አዘጋጅቶልኛል፤ እንኳን ደስ አለህ እንድለው።